ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ድሮን ስታበሩ መጀመሪያ መመለሻውን አቅዱ

ሐዋሳ ላይ ድሮን ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ሐይቁን ነው። ጠዋት ከአሳ ማስገር የሚመለሱት ጀልባዎች፣ የአሞራ ገደል የአሳ ገበያ ግርግር፣ ከጎኑ የቆመው ታቦር ተራራ፦ ሁሉም ከላይ ሲታዩ ያምራሉ። ችግሩ ትንሽ ድሮን ውሃ ላይ ሲሄድ ስህተትን የሚምር መሬት ከሥሩ የለም። ሜዳ ላይ ባትሪ ቢያልቅ ድሮኑ ሣር ላይ ያርፋል። ሐይቅ ላይ ቢያልቅ ግን ድሮኑም ቀረጻውም አብረው ይሰጥማሉ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ድሮኑ በምን ንፋስ፣ በስንት ደቂቃ፣ በስንት ፐርሰንት ባትሪ እንደሚመለስ መጀመሪያ እናሰላለን። የሚቀረጸውን የምንወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ለምሳሌ የምይዘው ዲጄአይ ሚኒ 4 ፕሮን ነው። 249 ግራም የሚመዝን፣ እዚህ አገር በብዙ ቀራጮች እጅ የምታገኙት ዓይነት ትንሽ ድሮን ነው። የእናንተ ሌላ ከሆነ ቁጥሮቹን ከራሱ መግለጫ አውጥታችሁ ተኩ፤ ስሌቱ ያው ነው።

ፈቃድ ሳይኖር ቦርሳውን አትክፈቱ

በአሜሪካና በአውሮፓ ሰዎች የተሠሩ ቪዲዮዎች ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ብዙ ሕግ እንደማይመለከተው ይናገራሉ። ያ የእነሱ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ክብደቱ ምንም ያህል ቢያንስ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋናው በር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ በተለምዶ ኢንሳ የምንለው። የአየር ክልሉን ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይቆጣጠራል። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ የደረሰን ድሮን ጉምሩክ ይይዘዋል።

ማመልከቻችሁን ጥርት አድርጋችሁ ጻፉ። «ሐዋሳ ላይ ቪዲዮ ለመቅረጽ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ጥያቄ ያስከትላል። የድሮኑን ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የሚያበረውን ሰው ስምና መታወቂያ፣ የሥራውን ዓላማ፣ የሚበርበትን ቦታ ከካርታ ጋር፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የምትሠሩት ለድርጅት ከሆነ የድርጅቱን ደብዳቤ አያይዙ። ቀኑን በአንድ ቀን አትወስኑት። ያ ቀን ንፋስ ከሆነ ፈቃዳችሁ በከንቱ ያልፋል፤ ወይም ደግሞ «ፈቃዱ ዛሬ ያልቃል» ብላችሁ በማይሆን አየር ታነሱታላችሁ። ተከታታይ ቀናት ጠይቁ።

የፌዴራሉ ወረቀት እጃችሁ ከገባ በኋላ ሐዋሳ ስትደርሱ ለከተማው ፖሊስና ለአካባቢው የጸጥታ ኃላፊዎች አሳዩ። ሐይቅ ዳር የቆመው ፖሊስ አዲስ አበባ የተሰጣችሁን ደብዳቤ ሊያውቅ አይችልም። ቀድሞ ከተነገረው ግን ሥራችሁ መሀል ላይ አይቋረጥም። ቅጂውን በወረቀት ያዙ፤ ስልካችሁ ከሪሞቱ ጋር ተገናኝቶ ሳለ ፈቃድ ለማሳየት መንቀል አትፈልጉም።

ፈቃድ ኖሯችሁም ካሜራችሁን የማታዞሩባቸው ቦታዎች አሉ። ወታደራዊና የጸጥታ ተቋማት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የመንግሥት ሕንፃዎች፦ ፈቃዳችሁ ላይ በስም ካልተጻፉ ተዉአቸው። አየር ማረፊያው ከሐይቁ ማዶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ ሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ድምፅ ስትሰሙ አውሮፕላኑን በዓይን እስክታገኙት አትጠብቁ፤ ወዲያው ዝቅ በሉና ወደ ዳር ተመለሱ። ብዙ አገሮች ለትንሽ ድሮን 120 ሜትርን ጣሪያ አድርገዋል። የእናንተ ጣሪያ ግን ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ነው። ለጀልባና ለአሳ ቀረጻ ደግሞ ከ90 ሜትር በላይ መውጣት ብዙም አያስፈልግም፤ ጀልባው ነጥብ ይሆናል።

ንፋሱን ማንበብ

ከተማው ያለው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ነው። ይህን ያዙት፤ ብርሃኑም ንፋሱም በዚህ ነው የሚወሰነው።

ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ይነሳና ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር ወደ ከተማው ይገባል። ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ቁጭ ስትሉ ፊታችሁን የሚነካችሁ እሱ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ለስለስ ያለ ንፋስ ከመሬት ወደ ውሃ ይሄዳል። በበጋ ወራት ደግሞ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የወቅቱ ንፋስ ይጨመርበታል። እሱም የሚገፋው ወደ ሐይቁ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት ይለያል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ለቀረጻ የሚመረጠውም እሱ ሰዓት ነው። ነገር ግን ያለችው ትንሽ ንፋስ ድሮኑን ከእናንተ ታርቀዋለች። ሲሄድ ከኋላ ትገፋዋለች፤ ሲመለስ ፊት ለፊት ትቆምበታለች። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይበረታል፤ ግን ከሐይቁ ከመጣ ሲመለስ ያግዘዋል። ለጀማሪ አሁንም ጠዋትን እመርጣለሁ። ከሰዓት ያለው ንፋስ ድንገት ይነሳል፣ ድንገትም አቅጣጫ ይለውጣል።

የፊት ንፋስ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። ድሮናችሁ ንፋስ በሌለበት በሰከንድ 10 ሜትር ይበራል እንበል። ከዳር 800 ሜትር ርቆ ሄዷል። ንፋሱ ወደ ሐይቁ በሰከንድ 5 ሜትር ይነፍሳል። ሲሄድ 10 እና 5 ተደምሮ 15 ሜትር ይሆናል፤ በ53 ሰከንድ ይደርሳል። ሲመለስ 10 ሲቀነስ 5፣ 5 ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ያው 800 ሜትር 160 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ንፋሱ 8 ሜትር ቢሆን መመለሻው በሰከንድ 2 ሜትር ይሆንና 400 ሰከንድ ይወስዳል። ወደ ሰባት ደቂቃ ማለት ነው። ሲሄድ አንድ ደቂቃ እንኳ ያልፈጀ መንገድ ነው እንግዲህ።

ሚኒ 4 ፕሮ እስከ በሰከንድ 10.7 ሜትር ንፋስ እንደሚቋቋም መግለጫው ይናገራል። ይህ ቁጥር ድሮኑ ባለበት መቆም የሚችልበት ወሰን ነው። «በዚህ ንፋስ ከ800 ሜትር ይመለሳል» ማለት አይደለም። የኔ ወሰን ድሮኑ በሚበርበት ከፍታ ላይ 6 ሜትር ነው። ንፋሱ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ 4።

ከፍታ ያልኩት በምክንያት ነው። መሬት ላይ ቆማችሁ የምትለኩት ንፋስ ከላይ ካለው ያነሰ ነው። ዛፍና ቤት ይሰብረዋል። ደረታችሁ ላይ 3 ሜትር የሆነ ንፋስ 100 ሜትር ከፍታ ላይ 5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የስልክ ትንበያ ስታዩም መለኪያውን ተመልከቱ። ዊንዲ በሚባለው መተግበሪያ ላይ በኖት የሚታየውን ለሁለት ስታካፍሉት በግምት ሜትር በሰከንድ ይሰጣችኋል። በሰዓት ኪሎ ሜትር ከሆነ ለ3.6 አካፍሉ። ዋናውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ድንገተኛውን ግፊትም እዩ፤ በሁለቱ መሀል ሰፊ ልዩነት ካለ አየሩ የተረበሸ ነው።

ከትንበያው የበለጠ የምተማመነው ሐይቁ ላይ ውለው በሚያድሩት ሰዎች ነው። ጀልባ ቀዛፊዎችን «ጋሼ፣ ሰሞኑን ንፋሱ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከየት በኩል እንደሚመጣም ይነግሯችኋል።

የባትሪ ሒሳብ

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 34 ደቂቃ የተለካው ንፋስ በሌለበት፣ በአንድ ወጥ ፍጥነት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ነው። ባለበት ቆሞ ሲለካ 30 ደቂቃ ነው። እኛ ከ30ው እንነሳ።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ወደ 15 በመቶ ይሳሳል። ስስ አየር ላይ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ሞተሩ ወደ 8 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። 30ው ወደ 27 ተኩል ወረደ። ከዚያ የንፋስ ትግል፣ የመነሳትና የመቆም እንቅስቃሴ፣ የባትሪው እርጅና አለ። 24 ደቂቃ ብላችሁ ያዙ። ከዚህ ላይ 30 በመቶውን ላልታሰበ ነገር አስቀምጡ። መመለሻውን ጨምሮ ለሥራ የቀራችሁ 17 ደቂቃ ገደማ ነው።

ከ34 ወደ 17። ግማሽ መሆኑ ነው። ከአንድ ባትሪ ከዚህ በላይ የሚጠብቅ እቅድ ሐይቅ ላይ አያዋጣም።

ሌላ የሚጠቅም ቁጥር አለ። 24 ደቂቃ 1,440 ሰከንድ ነው፤ ለ100 ሲካፈል አንድ ፐርሰንት ወደ 14 ሰከንድ ይቆያል። የፊት ንፋስ ላይ በሙሉ ኃይል ስትበሩ ፍጆታው ስለሚጨምር 10 ሰከንድ ብላችሁ አስቡ። አሁን ያንን 800 ሜትር መልሱት። በ8 ሜትር የፊት ንፋስ 400 ሰከንድ ማለት 40 ፐርሰንት ነው። «30 ፐርሰንት ሲቀር እመለሳለሁ» ያለ ሰው እዚያ አይደርስም። 30 ፐርሰንት የሚያርፉበት እንጂ የሚመለሱበት ቁጥር አይደለም።

አንድ ጠዋት፣ አንድ ባትሪ

እንግዲህ እቅዱን እንሥራ። የምንፈልገው ሦስት ሾት ነው። የመጀመሪያው ጀልባዎቹ ከዳር 400 ሜትር ርቀው ሳሉ ቀጥ ብሎ ከላይ፣ 60 ሜትር ከፍታ ላይ። ሁለተኛው ወደ ዳር የሚቀዝፍ አንድ ጀልባ ከጎን፣ 25 ሜትር ላይ። ሦስተኛው ከውሃው በኩል 200 ሜትር ላይ ሆኖ ወደ አሞራ ገደልና ወደ ታቦር እያየ፣ ከ30 ወደ 90 ሜትር ቀስ ብሎ የሚነሳ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ፀሐይ ከከተማው በስተጀርባ፣ ከምሥራቅ ትወጣለች። ስለዚህ ከዳር ወደ ሐይቁ ስታዩ ጀልባዎቹ ፊት ለፊት ብርሃን ያገኛሉ። ሦስተኛው ሾት ግን ወደ ፀሐይ ያያል። ብርሃኑ ትንሽ ከፍ ሲል የተሻለ ስለሚሆን መጨረሻ ላይ መሆኑ በሁለት በኩል ይጠቅማል፤ ለዳርም ቅርብ ነው፣ ለብርሃኑም ይስማማዋል። በሩቁ ሾት ጀምሮ በቅርቡ መጨረስ ሁልጊዜም ባትሪን ያድናል።

የሚነሱበትን ቦታ ከአሳ ገበያው ፈቀቅ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት ሜዳ አድርጉት። ከጀልባ ላይ አታንሱ። ድሮኑ «ቤቴ» ብሎ የሚመዘግበው የተነሳበትን ነጥብ ነው። ጀልባው ሲንሳፈፍ ቦታ ይለውጣል። ድሮኑ ግን በራሱ ሲመለስ ጀልባው በነበረበት ውሃ ላይ ለማረፍ ይወርዳል።

ጊዜውን እንዲህ አከፋፍሉት። ተነስቶ 10 ሜትር ላይ ቆሞ መፈተሻ 1 ደቂቃ። ወደ 60 ሜትር ወጥቶ ንፋስ መለኪያ 1 ደቂቃ ተኩል። እስከ ጀልባዎቹ 1 ደቂቃ። ለእያንዳንዱ ሾት 3 ደቂቃ፣ በድምሩ 9። መመለሻ 1 ደቂቃ ተኩል፤ ይህ በ5 ሜትር ፍጥነት ከ400 ሜትር የተሰላ ነው። ማረፊያ 1 ደቂቃ። ድምር 15። ካሉን 17 ደቂቃዎች ሁለት ተርፈዋል። አራተኛ ሾት ካማራችሁ ሁለተኛ ባትሪ ቀይራችሁ እንጂ በዚህኛው አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት ሪሞቱ ላይ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛው `RTH` የሚለው የመመለሻ ከፍታ ነው። ዳር ላይ ያሉት ትልልቅ ዛፎች በደንብ እንዲታለፉ 50 ሜትር በቂ ነው። ዝም ብሎ 120 ላይ መተው መጥፎ ነው። ድሮኑ በራሱ ሲመለስ ከርቀት ላይ መጀመሪያ ወደዚያ ከፍታ ይወጣል፤ ማለትም ባትሪ እያነሰው ወደ ጠንካራው ንፋስ ይወጣል። ሁለተኛው ግንኙነት ሲቋረጥ የሚያደርገው ነገር ነው። «ይረፍ» የሚለው ከተመረጠ ውሃ ላይ ያርፋል። «ይመለስ» የሚለውን ምረጡ።

የከፍታ ንባቡንም በትክክል ተረዱት። ሪሞቱ የሚያሳየው ከተነሳችሁበት ነጥብ በላይ ያለውን ነው። ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። ሐይቅ ዳር ተነስታችሁ ወደ ታቦር አቅጣጫ ከሄዳችሁ ቁጥሩ 60 እያለ ድሮኑ ዛፍ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በእናንተና በድሮኑ መሀልም ተራራው እንዳይገባ። ሲግናሉም ይጠፋል፣ ቀጥታ መመለሻውም ይዘጋል።

ተነስቶ 10 ሜትር ላይ ሲቆም እጃችሁን ከማንሻዎቹ አንሱ። ቀጥ ብሎ ከቆመና የመነሻው ነጥብ መመዝገቡን ሪሞቱ ከነገራችሁ ወደ 60 ሜትር አውጡት። እዚያ ላይ `S` በሚለው በፈጣኑ የስፖርት ሁነታ 100 ሜትር ወደ ሐይቁ ሂዱና በዚያው ፍጥነት ተመለሱ። ሲመለስ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ፍጥነት ያዙ። ከሄደበት በግልጽ ካነሰ ንፋሱ ወደ ሐይቁ ነው። በሙሉ ኃይል ሲመለስ 8 ሜትር እንኳ ካልሞላ እኔ ጀልባዎቹ ጋ አልሄድም። ከዳር 150 ሜትር ውስጥ ሦስተኛውን ሾት ብቻ ሠርቼ አወርደዋለሁ።

ሰው፣ ወፍና ውሃ

አሞራ ገደል ላይ ጠዋት ሰው ይበዛል። ቢላ የያዙ አሳ የሚያጸዱ ወጣቶች፣ ገዢዎች፣ ሕፃናት አሉ። በላያቸው አታብሩ። ገበያውን ከውሃው በኩል በአግድም ቅረጹት። ምስሉም የተሻለ ነው፤ ሰዎቹ ከአናታቸው ይልቅ ከነሥራቸው ይታያሉ። አሳ አስጋሪዎቹን ከዋዜማው አናግሯቸው። መረብ እየሳበ ያለ ሰው አናቱ ላይ ያልጠበቀው ነገር ሲጮህበት ሚዛኑን ሊስት ይችላል። የማይፈልግ ካለ ጀልባውን ተዉት።

አባ ኮዳዎቹ በማለዳ መሬት ላይ ቆመው የአሳ ትራፊ ይጠብቃሉ። ፀሐይ ሲበረታ የሞቀውን አየር ይዘው ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ 3 ሰዓት ካለፈ ሰማዩ የእነሱ ነው። ከእነሱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ንስሩ ነው። አንድ ወፍ ድሮኑን መዞር ከጀመረ ቀረጻውን ተዉ። አዳኝ ወፍ የሚመታው ከላይ ወርዶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ ከፍ በሉ፣ ሲርቅ ወደ ዳር ተመለሱ።

ውሃው ራሱ ድሮኑን ያታልለዋል። ከሆዱ ሥር ያሉት ካሜራዎች ቦታውን የሚያውቁት የመሬቱን ምልክት በማየት ነው። የሚያብረቀርቅና የሚንቀሳቀስ ውሃ ላይ ምልክት አያገኙም። ዝቅ ብሎ ሲበር ሊንሳፈፍ ወይም ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ከ10 ሜትር በታች አትውረዱ።

ንፋሱ ሲያሸንፋችሁ

ምልክቱ ግልጽ ነው። የጠንካራ ንፋስ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ወይም ማንሻውን እስከ መጨረሻ ገፍታችሁ ፍጥነቱ ከ4 ሜትር አይበልጥም። ያኔ ቀረጻ አበቃ። በራሱ መመለስ ጀምሮ ከፍ እያለ ከሆነ አቋርጡትና እናንተ ያዙት። ወደ 15 ሜትር አውርዱት፤ ውሃው አጠገብ ንፋሱ ይቀንሳል። `S` ላይ አድርጉ። አፍንጫውን ወደ ተነሳበት ነጥብ ሳይሆን ወደሚቀርበው ዳር አዙሩ። ንፋሱን በሰያፍ እያቋረጠ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ ቢያርፍ ምንም አይደለም፤ ሄዳችሁ ታነሱታላችሁ። ዳር ከገባ በኋላ ሰው የሌለበት ደረቅ መሬት ላይ ወዲያው አውርዱት። ወደ መነሻው ለማድረስ የሚደረግ ተጨማሪ በረራ አያስፈልግም።

ካረፈ በኋላ ባትሪው እስኪቀዘቅዝ ቻርጅ አታድርጉ። በስንት ደቂቃ ስንት ፐርሰንት እንደቀረ ወረቀት ላይ ጻፉ። 15 ደቂቃ በርራችሁ ከ35 ፐርሰንት በላይ ከተረፋችሁ የ24 ደቂቃው ግምት ለእናንተ ባትሪ ይሠራል። ከ30 በታች ከሆነ ለቀጣዩ ጠዋት በ20 ደቂቃ አስሉ፤ ለሥራ 14 ደቂቃ ይቀራችኋል፣ ከሦስቱ ሾት አንዱም ወደ ሁለተኛው ባትሪ ይሻገራል።